ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ማስታወቂያና ስለ «ክፍት ቀኖች» አቈጣጠር

የሠርግ ወራት ሊደርስ ሲል በንፋስ መውጫ ከተማ በየሱቁ መስኮትና በየሰዉ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መታየቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። ከላይ የአምና ሙሽሮች ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉም ግርጌ «ለመጪው የሠርግ ወራት ጥቂት ክፍት ቀኖች ቀርተዋል፤ ፈጥነው ይመዝገቡ» የሚል ቃል ይነበባል። ጽፎ የሚያወጣውም ለማንም ድርጅት ሳይቀጠር በራሱ መሣሪያና በራሱ ስም የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ልጁን የሚድር ወይም የሚያጋባ የቤተ ሰብ አባት ይህን ጽሑፍ አንብቦ ገንዘቡን ይሰጣል። ነገር ግን የቀሩት ቀኖች ስንት ናቸው? የትኞቹስ ናቸው? ቀን ማለትስ ምን ማለት ነው? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም ስለማይገኝ፣ የሠርጉ ዕለት ሲደርስ ሁለት ቤት በአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይጣላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለዚች ትንሽ ጽሑፍ አንድ ነገር ለመናገር አስበናል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የአገራችን የሠርግ ወራት በየዓመቱ ርዝመቱ እኩል አለመሆኑ ነው። በኛ አገር ዋነኛው የሠርግ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ተጀምሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል። ጥምቀት ምንጊዜም ጥር 11 ቀን ሲሆን፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ ግን እንደ ትንሣኤው ከፍና ዝቅ ይላል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ቀን ነው፤ በ2019 ዓ.ም. ግን የካቲት 29 ቀን ይገባል። ከጥምቀት እስከ ጾሙ ድረስ በመጀመሪያው ዓመት አራት እሑዶች ብቻ ሲገኙ፣ በሁለተኛው ዓመት ሰባት እሑዶች ይገኛሉ ማለት ነው። የአንዱን ዓመት ማስታወቂያ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦ በሚቀጥለው ዓመት የሚያወጣ ሰው የሦስት እሑድ እንጀራውን ይጥላል፤ በተቃራኒው ዓመት ደግሞ በጾም ሠርግ ይቀበላል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለማወቅ የግድግዳ መቁጠሪያ እስኪታተም መጠበቅ አያስፈልገውም። የ2019ን ሒሳብ በአጭሩ እናሳይ። 5500 ሲጨመርበት 7519 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ ይህም ለ30 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ መጥቅዑ 7 ሆነ። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ስለሚውል ጥቅምት 7 ቀንን እንይዛለን፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 7ና 8 ሲደመር 15 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ቀን ሰኞ ይገባል። ከነነዌ አሥራ አራት ቀን ሲቈጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ቀን ሰኞ ይሆናል፤ ትንሣኤውም ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። አንድ ጊዜ የለመደው ሰው ቡናው ሳይፈላ ይጨርሰዋል።

አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ በሥራው የሚመሰገን ፎቶግራፍ አንሺ፣ ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት እንድናይለት ይዞልን መጣ። ሒሳቡን በትክክል አግኝቶት ነበርና «ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ሰባቱም እሑዶች ክፍት ናቸው» ብሎ ጽፏል። እሑዶቹም ጥር 16፣ ጥር 23፣ ጥር 30፣ የካቲት 7፣ የካቲት 14፣ የካቲት 21 እና የካቲት 28 ናቸው። እኛም የካቲት 14ንና የካቲት 28ን በጣታችን አሳየነው።

«ጋሼ፣ ምን ጐደለው? ጾሙ እኮ የሚገባው ሰኞ ነው፤ እሑድ ሥጋ ይበላል» አለን።

«ልጄ፣ ሠርጉስ በጀ፤ መልሱን በምን ቀን ልታነሣ ነው?» አልነው።

ነገሩ ይህ ነው። ሠርግ አንድ ቀን አይደለም። እሑድ ከተሞሸረ መልሱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይደረጋል፤ ረቡዕ ጾም ነውና ከዚያ አይዘገይም። የካቲት 14 እሑድ የተሞሸረ ሰው በማግሥቱ ነነዌ ይገባበታል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሦስቱም ቀን ጾም ስለ ሆነ የሙሽራዪቱ ወላጆች በሬ አርደው መልስ ሊጠሩ አይችሉም። የካቲት 28 እሑድ የተሞሸረውማ በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ነው። ስለዚህ ከሰባቱ እሑዶች ሠርግና መልስ በተከታታይ የሚደረግባቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። በ2018 ዓ.ም. ከአራቱ እሑዶች ጥር 24 ቀን በነነዌ ዋዜማ፣ የካቲት 8 ቀን ደግሞ በዐቢይ ጾም ዋዜማ ስለሚውሉ፣ መልስ ያላቸው ሙሉ እሑዶች ጥር 17ና የካቲት 1 ብቻ ናቸው። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾምም ሁልጊዜ ከነነዌ ሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ስለሚገባ፣ እነዚህ ሁለት እሑዶች በየዓመቱ ቀናቸው ይለወጥ እንጂ ወጥመድነታቸው አይቀርም።

መፍትሔው እሑዶቹን መሠረዝ አይደለም። በነዚያ ሳምንታት ሐሙስ የሚሞሸር ሰው ዐርብን ዘሎ ቅዳሜ መልሱን ያደርጋል። በ2019 ዓ.ም. ሐሙስ የካቲት 11 ሠርግ ሆኖ ቅዳሜ የካቲት 13 መልስ ይሆናል፤ እንዲሁም ሐሙስ የካቲት 25 ሠርግ ሆኖ ቅዳሜ የካቲት 27 መልስ ይሆናል። ሁለቱ የወጥመድ እሑዶች ደግሞ «ሠርግ ብቻ፤ መልሱ ከፋሲካ በኋላ ወይም በጾም ምግብ» ተብለው በግልጽ ሊጻፉ ይችላሉ። ወጣቱ ይህን በሰማ ጊዜ ሁለት ቀን የጠፋበት መስሎት አዝኖ ነበር፤ ሲቈጥረው ግን ሁለት ሐሙሶች ተጨምረውለታል።

በከተማችንና በአካባቢው ያሉት እስላም ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ቈጠራ አላቸው። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን የሚጀምረው በየካቲት መባቻ ገደማ ስለ ሆነ፣ እንደ ጨረቃዋ መታየት አንድ ቀን ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዒዱም በመጋቢት መባቻ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የእስላም ሠርግ በጥር ይበዛል፤ በየካቲት ይቆማል፤ ክርስቲያኑ በሚጾምበት በመጋቢት ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ፎቶግራፍ አንሺው በማስታወቂያው የመጋቢትን ቀኖች «ዝግ» ብሎ ከዘለላቸው ጎረቤቱን ረስቷል።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ወራት አጭር ነገር ይበቃዋል። በ2019 ዓ.ም. ከዳግም ትንሣኤ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ እስከ ሰኔ 13 ቀን ሌላ ሰባት እሑዶች አሉ፤ በኀምሳው ቀን ረቡዕና ዐርብም ስለማይጾሙ መልሱ እንደ ልብ ነው። ሰኔ 14 ቀን ግን የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ከዚያም በፊት በጉና ዙሪያ ዝናቡ ይጀምራልና፣ የሰኔን ሁለት እሑዶች የሚወስድ ቤተ ሰብ ሰፊ ድንኳን ያለው መሆኑ ይጠየቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ቀን ማለት ምን ማለት ነው? ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሠርጉ እዚሁ ከተማ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሺው ጠዋት ከሙሽራው ቤት ጀምሮ ማታ ከቤቱ ያድራል። ሠርጉ በታች ጋይንት ወይም በስማዳ ገጠር ከሆነ ግን ከመኪና ወርዶ በእግር የሚሄድበት ሰፈር ብዙ ነው። ለእሑድ ሠርግ ቅዳሜ መነሣት አለበት፤ መልሱን አንሥቶ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። እንግዲህ የከተማው ሠርግ ሁለት ቀን ሲወስድ የገጠሩ አራት ቀን ይወስዳል። ሐሙስ በስማዳ ሠርግ ይዞ ቅዳሜ መልሱን የሚያነሣ ሰው እሑድ ጠዋት በንፋስ መውጫ «ክፍት ነኝ» ብሎ መጻፉ ሰውን ማታለል ነው፤ ሐሰተኛ ሊባል ባያስብ እንኳ መንገዱ ሐሰተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ከክፍት ቀን ጎን የቦታ ስም መጻፍ ይገባል፤ «በከተማ ብቻ» የሚባል እሑድ አለ፤ «በገጠርም» የሚባል እሑድ አለ። (በደጋ ሌሊት ብርድ ባትሪ ቶሎ እንደሚደክም የሚያውቁት ደግሞ ባትሪያቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘው ያድራሉ፤ ይህ ግን በማስታወቂያ የሚጻፍ አይደለም።)

በውጭ አገር ያሉ ልጆች ለእኅታቸው ሠርግ ከሩቅ ሆነው ፎቶግራፍ አንሺ የሚይዙ ስለ በዙ፣ የቀን አጻጻፍ ሌላ ስሕተት ያመጣል። ጥርን ጃንዋሪ እያሉ የሚጠሩ አሉና «ጥር 23» የሚለውን ጃንዋሪ 23 ብለው ይመዘግቡታል። ጥር 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ግን በፈረንጆች ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ነው፤ ስምንት ቀን ተሳሳቱ ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነው የዕለቱን ስም መጨመር ነው። «እሑድ ጥር 23» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው በፈረንጆቹ መቁጠሪያ ጃንዋሪ 23 ቅዳሜ ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጥና ይጠይቃል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ «በ2 ሰዓት» ሳይሆን «ከጠዋቱ በ2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛው ነገር ቀብድ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ለኖርነው ለኛ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይቻለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ለእሑድ ጥር 23 ቀን 4000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ሰው ለዚያው እሑድ የሚበልጥ ዋጋ አቀረበና ፎቶግራፍ አንሺው «ገንዘብህን ውሰድ» ብሎ ለፊተኛው 4000 ብር ሊመልስለት ቢፈልግ፣ ሕጉ በዚያ አይለቀውም፤ የሚመልሰው 8000 ብር ነው። በተቃራኒው ሠርጉ ቢቀርና አባትየው ቢተወው 4000 ብሩ ለፎቶግራፍ አንሺው ይቀራል፤ ያን እሑድ ለሌላ ሊሰጠው ይችል ነበርና። ሁለቱም ወገን ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ክርክሩ ከመዝገብ ቤት አይደርስም ነበር። መንገድ በመዘጋቱ ወይም በለቅሶ ምክንያት ቀን ቢዛወር ምን እንደሚሆን ሕጉ ለስምምነታቸው ትቶላቸዋልና፣ «ከሁለት ሳምንት በፊት ከተነገረኝ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሌላ ክፍት ቀን አዛውራለሁ» የምትል አንዲት መስመር በማስታወቂያውም በደረሰኙም ላይ መኖሯ ብዙ ነገር ታድናለች።

ከዚህም ጋራ ቀን የሚያዘው በስልክ ወሬ ነው ወይስ በቀብድ? ይህ መጻፍ አለበት። «እኔ ቀድሜ ደውዬ ነበር» የሚል ሰው በየሠርጉ ወራት አይጠፋም። ማስታወቂያው «ቀን የሚያዘው ቀብድ ተከፍሎ ደረሰኝ ሲጻፍ ነው» ካለ ፎቶግራፍ አንሺው ለማንም አያዳላም።

የቀረው ከጽሑፉ በላይ ያለው ሥዕል ነው። ወጣቱ ለማስታወቂያው የመረጠው የአንዲት ሙሽራ ሥዕል በእውነት ያማረ ነበር፤ የጉና ጥላ ከኋላዋ፣ ነፋሱ መሸፈኛዋን እንደ ክንፍ አንሥቶታል። «ፈቅዳልሃለች?» ብለን ብንጠይቀው «እኔ ነኝ ያነሣኋት» አለን። ማንሣትና ማውጣት ግን አንድ አይደለም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በሕዝብ አደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ለዳኝነት ሥራ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ለመሳሰለው ጉዳይ ልዩ ሁኔታ ተደርጓል፤ የራስን ሥራ ማስተዋወቅ ግን ከነዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ሙሽራዪቱ ለአልበሟ ብትከፍል ለሱቅ መስኮት ፈቀደች አይባልም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ውል በሚዋዋልበት ቀን «ከሥዕሎቼ ሁለት ወይም ሦስት ለማስታወቂያ እንዲወጡ እፈቅዳለሁ» ወይም «አልፈቅድም» የሚል መስመር በደረሰኙ ላይ አድርጎ ሙሽሮቹን ያስፈርም፤ አልፈቅድም ያለችውን ቅር አይበልባት። በአገራችን ባሏ ሩቅ አገር ያለ፣ ዘመድ የሚመለከታት፣ ወይም ገና በሐዘን ያለ ቤት ያላት ሙሽራ ሥዕሏ በገበያ መካከል እንዲታይ ባትወድ ምክንያት እንድትሰጥ አትገደድም። ወጣቱም በዚያው ዕለት ሄዶ ጠየቃት፤ እርሷ ፈቀደች፤ ባለቤቷ ግን የራሱ ፊት እንዳይታይ ፈለገ፤ ስለዚህ እርሷ ብቻዋን ያለችበት ሌላ ሥዕል ተመረጠ።

ቤተ ሰቦችም ይህን ልብ ይበሉ፤ አንድ ያማረ ሥዕል የአንድን ሰው ችሎታ አይመሰክርም። ከመቶ አንዱ ለማንም ይሳካለታል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የአንድን ሠርግ ሥዕል ከጠዋት እስከ ማታ ሳይመረጥ አሳየን በሉት። በቀትር ፀሐይ የሙሽራዪቱ ነጭ ቀሚስ ጥለቱ እስኪጠፋ ነጥቶ እንደ ሆነ፣ በዳሱ ውስጥ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ፊት ጨልሞ እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ሥራውን የሚያውቅና የማያውቅ የሚለየው በዚያ ነው።

ወጣቱ በመጨረሻ የጻፈው ማስታወቂያ ይህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጥር 16ና የካቲት 7 በቀብድ ተይዘውበት ነበር።

«የሠርግ ፎቶግራፍ፤ ንፋስ መውጫ፤ የ2019 ዓ.ም. ወራት። ሠርግና መልስ የማነሣባቸው ክፍት ቀኖች፤ እሑድ ጥር 23 (ጃንዋሪ 31)፣ እሑድ ጥር 30 (ፌብሩዋሪ 7)፣ እሑድ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 28)፤ በከተማም በገጠርም። ሐሙስ የካቲት 11 (ፌብሩዋሪ 18) እና ሐሙስ የካቲት 25 (ማርች 4)፤ መልሱ ቅዳሜ፤ በከተማ ብቻ። እሑድ የካቲት 14 እና እሑድ የካቲት 28 በማግሥቱ ጾም ስለሚገባ ሠርግ ብቻ፤ በከተማ። ከዒድ በኋላ ያሉት የመጋቢት ቀኖች ሁሉ ክፍት ናቸው። ቀን የሚያዘው ቀብድ ተከፍሎ ደረሰኝ ሲጻፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከተነገረኝ ቀን አዛውራለሁ። ሥዕሉ የወጣው በሙሽራዪቱ ፈቃድ ነው።»

«ጥቂት ቀኖች ብቻ ቀርተዋል» የሚለውን ቃል አልጻፈም፤ አንባቢው ራሱ ቈጥሮ ያየዋልና። አንድ ቀን በተያዘ ቁጥርም ያን ቀን በዚያው ማታ ከማስታወቂያው ላይ እንዲሰርዝ፣ በቴሌግራም ያወጣውን ብቻ ሳይሆን በሱቁ መስኮት የለጠፈውንም አብሮ እንዲያርም ነግረነዋል። ከለጠፈ በሦስተኛው ቀን ጥር 30ን አንድ የእስቴ ቤተ ሰብ ይዞታል፤ በወረቀቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሠርዞ አይተነዋል።